በሀበሻ ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ?

ልጆችዎን ይዘው በመኪና ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ መንገድ ላይ ማደር ቢፈልጉ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ያርፋሉ። ቡሬ የነቀምቴ መንገድ መገንጠያ፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም መገኛ ስለሆነች የውጭ እንግዳም አታጣም። እንዲህ ባለ ከተማ ሆቴል ማስታወቂያውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢጽፍ ተገቢ ነው። ችግሩ አንዱን ቋንቋ ከሌላው ቃል በቃል ሲገለብጥ ነው።

የመዋኛ ገንዳውን ሰዓት እንመልከት። እንግሊዝኛው «ከ8 ኤ.ኤም. እስከ 6 ፒ.ኤም.» ይላል እንበል። ቁጥሩ እንዳለ ወደ አማርኛ ከተሻገረ «ከ8 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት» ይሆናል። ይህን ያነበበ ቤተሰብ ገንዳው ከምሳ በኋላ ተከፍቶ እኩለ ሌሊት የሚዘጋ ይመስለዋል። ጠዋቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆይቶ፣ አመሻሹ ላይ ጠባቂ ወደሌለበት ውኃ ልጆቹን ይዞ ሊወርድ ይችላል። ትክክለኛው አማርኛ «ገንዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው» የሚለው ነው። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ በአማርኛው በኩል «ጠዋት» ወይም «ምሽት» የሚለው ቃል መቅረት የለበትም። «ከጠዋቱ 8 ሰዓት» የሚል ካዩ ግልባጭ መሆኑን ይወቁና እንግዳ መቀበያውን «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለው ይጠይቁ።

ሊፍት ላይ ደግሞ «ከፍተኛ ጭነት 630 ኪሎ» ተብሎ ሲጻፍ የዕቃ ማመላለሻ ያስመስለዋል። «ሊፍቱ የሚይዘው 8 ሰው ወይም 630 ኪሎ ብቻ ነው» ቢባል ማንም ይረዳዋል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የእሳት አደጋ ማስታወቂያ ነው። እንግሊዝኛ ክልከላውን ከፊት ያስቀምጣል፤ በአማርኛ ግን ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «በእሳት አደጋ ጊዜ ሊፍቱን አይጠቀሙ» ሲባል ክልከላው የሚታወቀው በመጨረሻው ቃል ነው። በጭስ ውስጥ የሚሮጥ ሰው «እሳት»ንና «ሊፍት»ን ብቻ አይቶ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መደረግ ያለበት ይቅደም፦ «እሳት ከተነሳ በደረጃ ይውረዱ። ሊፍት አይግቡ።» በሩ ላይም «ድንገተኛ መውጫ» ከሚባል «የአደጋ ጊዜ መውጫ» ቢባል ይሻላል። ድንገተኛው አደጋው እንጂ መውጫው አይደለምና። አጠገቡ የሚሮጥ ሰው ያለበት አረንጓዴ ምልክት ከተለጠፈ ገና ማንበብ ያልጀመረ ልጅም ይረዳዋል።

ሆቴል ካለዎት ማስታወቂያው ከመታተሙ በፊት አማርኛውን ብቻ ጽሑፉን አይቶ ለማያውቅ ሠራተኛ ይስጡትና «ይህን ብታነብ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ለመመለስ እንግሊዝኛውን ማየት ካስፈለገው አማርኛው እንደገና ይጻፍ። እንግዳ ከሆኑ ደግሞ ክፍልዎ ከመግባትዎ በፊት ልጆችዎን ይዘው እስከ አደጋ ጊዜ መውጫው ድረስ አንድ ጊዜ ይሂዱ።