ለአንድ ግዢ ብቻ የሚያገለግል የካርድ ቁጥር

የአንድ ጊዜ የካርድ ቁጥር ባንክ ወይም የካርድ ድርጅት ለአንድ የኢንተርኔት ግዢ ብቻ የሚያወጣው ተለዋጭ ቁጥር ነው። እንደ አብዛኞቹ ካርዶች 16 አኃዞች፣ የማብቂያ ቀንና ባለ ሦስት አኃዝ የደኅንነት ኮድ አለው፤ በእጅ የሚያዝ ፕላስቲክ ግን የለውም። ደንበኛው በስልኩ መተግበሪያ ላይ ያወጣዋል፤ ክፍያው እንደተፈቀደም ቁጥሩ ይዘጋል። በአውሮፓ ሬቮሉት፣ በአሜሪካ ደግሞ ፕራይቬሲ ዶት ኮም ይህን አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል ናቸው።

አገልግሎቱ የሚከላከለው የትኛውን አደጋ እንደሆነ በብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ የደረሰው ስርቆት በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 21 እስከ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2018 ድረስ ሌቦች በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ውስጥ አጭር የኮምፒውተር ትእዛዝ ሸሽገው ነበር። ትእዛዙ ተጓዦች ትኬት ሲገዙ የሚጽፉትን የካርድ ቁጥርና የደኅንነት ኮድ እየቀዳ ለሌቦቹ ይልክ ነበር። አየር መንገዱ በወቅቱ 380 ሺህ ያህል ክፍያዎች እንደተነኩ አስታወቀ። ገዢዎቹ የገቡት ወደ ትክክለኛው ድረ ገጽ ስለነበር ጥንቃቄያቸው ብቻውን ሊያድናቸው አይችልም ነበር። ሌባው የሚፈልገው በሌላ ቀን፣ በሌላ ሱቅ ዳግም የሚሠራ ቁጥር ነው። የአንድ ጊዜ ቁጥር ግን ከተፈቀደው ግዢ በኋላ ቢሰረቅም ገንዘብ አያወጣም።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ገዢ ዋጋው 60 ዩሮ የሆነ ጫማ መረጠ እንበል። በመተግበሪያው አዲስ ቁጥር አውጥቶ በሱቁ የመክፈያ ገጽ ላይ ይሞላል። የሱቁ ባንክ ጥያቄውን ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ያስተላልፋል። መረቡም የመጀመሪያዎቹን አኃዞች አይቶ ቁጥሩን ወዳወጣው ድርጅት ይመራዋል። ተለዋጭ ቁጥሩ የማን ሒሳብ እንደሆነ የሚያውቀው ይህ ድርጅት ብቻ ነው። በሒሳቡ ላይ ገንዘብ መኖሩን አረጋግጦ ይፈቅዳል፤ ወዲያውም ቁጥሩን ይዘጋል። በማግስቱ በዚያው ቁጥር የ200 ዩሮ ጥያቄ ቢመጣ ውድቅ ይሆናል። ዋናው ካርድ ስላልተነካ ገዢው ካርዱን ማዘጋትና ሌላ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ቁጥሩ በተለመደው መረብ ስለሚያልፍ ሻጩ የተለየ ዝግጅት አያሻውም። በኢንተርኔት ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚቀበል ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ ይህንንም ይቀበላል። አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለሚያበቃ ግዢ፣ በተለይም ገዢው ለማያውቀው ሱቅ፣ እጅግ ተስማሚ ነው።

ችግር የሚመጣው ሻጩ በካርዱ ከአንድ ጊዜ በላይ መጠቀም ሲያስፈልገው ነው። በየወሩ የሚከፈል የፊልም ወይም የስልክ አገልግሎት በሁለተኛው ወር ክፍያው ይመለሳል። ዕቃን በሁለት ጥቅል የሚልክ ሱቅ ለእያንዳንዱ ጥቅል ለየብቻ ፈቃድ ከጠየቀ፣ ሁለተኛው ጥቅል ሳይላክ ሊቀር ይችላል። ካርዱ መሥራቱን ለማረጋገጥ በቅድሚያ አነስተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ ሱቅም አለ፤ እንደ ካርድ አውጪው አሠራር ይህ ሙከራ ብቻውን ቁጥሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ሆቴልና የመኪና አከራይ ደግሞ ደንበኛው ሲደርስ ካርዱን በአካል ይጠይቃሉ፤ የመያዣ ገንዘብም በዚያው ካርድ ያስይዛሉ። ከዚህ ሌላ፣ የካርዱ የመጀመሪያ አኃዞች የካርዱን ዓይነት ስለሚያሳውቁ፣ ቅድመ ክፍያ ካርድ የማይቀበሉ ሻጮች በዚያ ምድብ ያለውን ተለዋጭ ቁጥር ይመልሱታል።

ለእነዚህ ሁኔታዎች መፍትሔው ለአንድ ሻጭ ብቻ የተወሰነ ተለዋጭ ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር በየወሩ መከፈል ይችላል፤ ከሌላ ሱቅ የሚመጣ ጥያቄን ግን አያስተናግድም። የወጪ ጣሪያም ሊበጅለት ይችላል።

ዕቃ ተመልሶ ገንዘብ ሲመለስ ቁጥሩ መዘጋቱ አብዛኛውን ጊዜ አያሳስብም። ካርድ አውጪው የቁጥሩን ባለቤት መዝግቦ ስለያዘ ገንዘቡን ወደ ዋናው ሒሳብ ያስገባዋል። ገዢው የቁጥሩን የመጨረሻ አራት አኃዞችና ደረሰኙን ቢያስቀምጥ፣ ተመላሹ ሲዘገይ መከታተል ይቀለዋል።

የአንድ ጊዜ ቁጥር የማይከላከላቸው ጉዳቶችም አሉ። ሐሰተኛ ሱቅ የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀብሎ ዕቃውን ላይልክ ይችላል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ለካርድ አውጪው አቤት ማለት ነው። የገዢውን ስምና የመላኪያ አድራሻም አይደብቅም። የመተግበሪያው የይለፍ ቃል ከተሰረቀ ደግሞ ሌባው ራሱ አዲስ ቁጥር ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ግዢ የአንድ ጊዜ ቁጥር፣ ለተደጋጋሚ ክፍያ ለሻጩ ብቻ የተወሰነ ቁጥር፣ ለሆቴልና ለመኪና ኪራይ ደግሞ ዋናውን ካርድ መጠቀም ተገቢ ነው።