ገንዘብ ከማዋጣት በፊት አንድ ቅዳሜ

ሦስት ጓደኛሞች በስልክ ምግብ ማዘዣ ሊሠሩ ተስማምተዋል እንበል። አንደኛዋ ለሁለቱ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ሐሳባችንን አልጠላሁትም። ግን ቀድሞ ስለመጣልን ብቻ እንዳንይዘው እሰጋለሁ። ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት አንድ ቅዳሜ ስጡኝ።»

ስጋቷ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ስቲቭ ሃፍማንና አሌክሲስ ኦሃኒያን ይህንኑ የምግብ ማዘዣ ሐሳብ ይዘው ለዋይ ኮምቢኔተር አመልክተው ነበር፤ ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። ሌላ ነገር እንዲሠሩ ተጠርተው ሬዲትን ፈጠሩ።

ጠዋት ማንም አይናገርም፤ እያንዳንዱ ለብቻው 20 ሐሳብ ይጽፋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ሲጠብቅ የራሱን ይረሳል፣ ወይም ያፍራል። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል የወጣ ጥናትም ለየብቻ የሠሩ ሰዎች ሐሳብ ሲደመር አብረው ከተወያዩት እንደሚበልጥ አሳይቷል። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ስምንቱ ሁሉም የሰማቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ይከብዳል፤ ሰው ወደ ገዛ ኑሮው የሚገባውም ያኔ ነው። እናቱ ባልትና የምትሸጥለት ልጅ የዱቤ ደብተሯን ያስታውሳል።

ከሰዓት ወረቀቶቹ ያለ ስም ተደባልቀው ይነበባሉ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ችግር ያለበትን ማንን እናውቃለን? ሰኞ ልናነጋግረው እንችላለን? ሦስት ሐሳብ ይቀራል፤ የቀድሞውም እኩል ይወዳደራል።

ዝርዝሩ አትክልት ማድረስ፣ መድኃኒት ማድረስ፣ ልብስ ማድረስ ብቻ ከሆነ ግን ልባቸው ከመጀመሪያው ሐሳብ አልተላቀቀም። የትኛው እንደሚያዋጣም ቅዳሜ አይነግራቸውም፤ እሱን ሰኞ ከባለ ሱቋ ይሰሙታል።