የሚዜው ልብስ ከሙሽሮቹ ቀለም ጋር እንዲስማማ

ወንድሜ፣ ሚዜ እንድትሆን ከተጠየቅህ ወይም የሙሽራው ወንድም ከሆንህ፣ ሱቅ ከመሄድህ በፊት ከሙሽሪት ቤት አንድ ነገር ጠይቅ፤ ይኸውም ከሴት ሚዜዎቹ ቀሚስ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ነው። መዳፍ የምታህል ትበቃለች። “ቀለማችን ቡርጋንዲ ነው” መባሉ ብቻ አያደርስህም፤ አንዱ ሱቅ ቡርጋንዲ የሚለውን ሌላው ጥቁር ቀይ ይለዋልና። ቁራጯን ከከረባቱ ጋር ስታስተያይ ሁለቱንም ይዘህ ወደ በሩ ውጣ። በሱቁ መብራት አንድ የመሰሉት ቀለሞች በቀን ብርሃን ሲታዩ አንዱ ወደ ቡናማ፣ ሌላው ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል።

እንግዲህ የሙሽሪት ቬሎ ክሬም፣ የሴት ሚዜዎቹ ቀሚስ ደግሞ ቡርጋንዲ ሳቲን ነው እንበል። በመጀመሪያ የሚወሰነው ሸሚዝህ ነው። ብዙዎች ሳያስቡ ድምቅ ያለ ነጭ ሸሚዝ ይገዛሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ነጭ ከክሬም ቬሎ አጠገብ ሲቆም ቬሎውን ያረጀና ቢጫ የመታው ያስመስለዋል። ስለዚህ ሸሚዝህም ክሬም ይሁን። ቬሎው ነጭ ቢሆን ኖሮ ነጭ ሸሚዝ ትለብስ ነበር።

ከዚያ ሙሉ ልብሱ ይከተላል። ሙሽራው ጥቁር ሰማያዊ ከለበሰ፣ ሚዜዎቹ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ያንኑ ጨርቅ ይልበሱ፤ ይህ ካልተቻለ ጥርት ብሎ የሚለይ ጥቁር ግራጫ ይምረጡ። ከተለያየ ሱቅ የተገዛ “ተቀራራቢ” ሰማያዊ ፎቶ ላይ ተሳስቶ የተገዛ ይመስላል። አዲስ ለመግዛት አቅም የሌለው ሚዜ ካለ፣ ሁላችሁም ያላችሁን ጥቁር ግራጫ ልበሱና ከረባቱን ብቻ አንድ አድርጉ፤ ዓይን የሚያርፈው ከረባቱ ላይ ነው።

የሙሽሮቹ ቀለም በሚዜው ላይ የሚታየው በከረባቱ ብቻ ቢሆን ይበቃል። ሳቲን ስለሚያበራ ከእውነተኛ ቀለሙ ፈካ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ የማያብረቀርቅ ከረባት ከገዛህ ከቀሚሱ ጥቂት ጠቆር ያለው አይጎዳም፤ የፈካው ግን ወደ ሮዝ ይሄድብሃል። የደረት ኪስ መሀረብህ ክሬም ይሁን፤ ከከረባቱ ጨርቅ የተቆረጠ መሀረብ ቀለሙን ያበዛዋል። ጫማህና ቀበቶህ ሁለቱም ጥቁር ይሁኑ፤ ካልሲህም የሱሪህን ቀለም ይከተል።

ሙሽራው በመካከላችሁ እንዲለይ የእርሱ ከረባት ክሬም ይሁን። የሙሽራው ወንድም ሆነህ ሚዜ ካልሆንህ ደግሞ ሙሉውን ቡርጋንዲ ለሚዜዎቹ ተውላቸው፤ አንተ ግራጫ ልብስ ላይ ቀጭን የቡርጋንዲ መስመር ያለበት ከረባት እሰር። የቤተሰቡ ፎቶ ሲነሳ የሙሽሮቹ ወገን መሆንህ ይታወቃል፤ ከሚዜዎቹም ጋር አትቆጠርም።

በመጨረሻም ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ሁላችሁም ልብሳችሁን ለብሳችሁ ከደጅ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን ቁሙ። የተለየ ቀለም ካለ ያን ጊዜ ይታያል፤ ለመለወጥም ጊዜ ይኖራችኋል።