ቪዲዮው ሳይቆም ማስታወሻ መያዝ

ባለፈው ወር እህቴ ቤት ባመሸሁበት ቀን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጇ ከጎኔ ተቀምጣ ታጠና ነበር። ስልኳ ላይ የ40 ደቂቃ የኬሚስትሪ ትምህርት በዩቲዩብ ከፍታለች። መምህሩ ቁም ነገር በተናገሩ ቁጥር ከቪዲዮው ትወጣለች፣ የማስታወሻ አፑን ትከፍታለች፣ ትጽፋለች፣ ከዚያ ተመልሳ ያቋረጠችበትን ቦታ በጣቷ ወዲያና ወዲህ እየጎተተች ትፈልጋለች። ቪዲዮው ሲያልቅ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ነበር። «ለምን ደብተር ላይ አትጽፊም?» አልኳት። «ታክሲ ውስጥ የምከልሰው ከስልኬ ነው፣ አክስቴ» አለችኝ።

ልጅቷ ያልያዘችው ስልኳ ውስጥ ያለውን መላ ነበር። እርስዎም ቤት ተመሳሳይ ነገር ካለ፣ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅምዎታል። አንዱ ስክሪኑን ለሁለት መክፈል ነው። ሌላው ቪዲዮውን ትንሽ አድርጎ በሌላው አፕ ላይ ማንሳፈፍ ነው።

ረዘም ላለ ማስታወሻ፦ ስክሪኑን ይክፈሉ

በአንድሮይድ ስልክ መጀመሪያ ቪዲዮውን ይክፈቱ። ቀጥሎ በቅርቡ የተከፈቱ አፖች የሚደረደሩበትን ገጽ ያውጡ። ይህ የሚሆነው ከታች ያለችውን የካሬ ምልክት በመንካት ወይም ከስክሪኑ ግርጌ ጣትን ወደ ላይ ጎትቶ ጥቂት በማቆየት ነው። ከቪዲዮው ካርድ በላይ ያለችውን የአፑን ምልክት ሲነኩ «Split screen» የሚል ምርጫ ይመጣል። ሳምሰንግ ላይ «Open in split screen view» ይላል። ከዚያ የማስታወሻ አፑን ይምረጡ፤ ቪዲዮው ከላይ፣ ማስታወሻው ከታች ይቀመጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ «አይመችም» ብሎ ይተወዋል። ምክንያቱ ኪቦርዱ ነው። ስክሪኑ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስልክ ይዘናል እንበል። ስክሪኑ እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዱ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሰዋል። ኪቦርዱ ብቅ ሲል ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ለጽሑፉ የሚቀረው አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ይሆናል። ከላይ ደግሞ ስልኩ ቆሞ ሳለ የተለመደው ሰፊ ቪዲዮ የሚፈልገው ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀሪው ጥቁር ባዶ ቦታ ነው።

ስለዚህ መሐል ላይ ያለውን መለያ መስመር ይዘው ወደ ላይ ይግፉት፤ ቪዲዮው የስክሪኑን ሲሶ ይያዝ። ምስሉ አያንስም፤ የሚጠፋው ጥቁሩ ባዶ ቦታ ነው። ኪቦርዱ ወጥቶም ለጽሑፍዎ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ማለትም አምስት ስድስት መስመር ይተርፍዎታል። ስልኩን ግን አያጋድሙት። ሲጋደም ሁለቱ አፖች ጎን ለጎን ይሆኑና ኪቦርዱ አብዛኛውን ስክሪን ይሸፍናል። ሥራዎን ሲጨርሱ መለያ መስመሩን እስከ ስክሪኑ ጫፍ ሲገፉት ክፍፍሉ ይጠፋል።

ማስታወሻውን በነኩ ቁጥር ቪዲዮው የሚቆም ከሆነ ስልክዎ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ከአንድሮይድ 10 በፊት በተከፈለ ስክሪን ላይ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ እንዳለ የሚቆጠረው በመጨረሻ የተነካው አፕ ብቻ ነበር፤ ለዚህ ያልተዘጋጁ የቪዲዮ አፖች ሌላውን ሲነኩ ይቆማሉ። በሌላ ማጫወቻ ይሞክሩት። የመክፈል ምርጫው ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ አፑ አይፈቅድም፣ ወይም ስልኩ አነስተኛ ራም ያለው ነው ማለት ሊሆን ይችላል።

ቪዲዮውም ቻቱም ቴሌግራም ላይ ሲሆን

የእህቴ ልጅ ክፍል ተማሪዎች ግን አብዛኛውን ቪዲዮ የሚለዋወጡት በቴሌግራም ነው፤ የሚጠያየቁትም እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነው። ሁለቱም ነገር አንድ አፕ ውስጥ ሲሆን ስክሪን መክፈል ብዙም አይረዳም፤ እዚህ ላይ የሚያዋጣው ማንሳፈፍ ነው።

በቴሌግራም ቪዲዮውን ከፍተው ሲነኩት ከሚመጡት ምልክቶች መካከል ትልቅ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ሳጥን ያለባትን ይጫኑ። ቪዲዮው ትንሽ መስኮት ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ ቻቱን እንደልብ ይከፍታሉ፣ ይጽፋሉ። ስልኩ «Display over other apps» የሚል ፈቃድ ከጠየቀዎት ለቴሌግራም ይፍቀዱለት። መስኮቱ የሚጻፍበትን ቦታ እንዳይሸፍን በጣትዎ ወደ ላይ ይውሰዱት። ከጠበበዎት በሁለት ጣት ከፈት አድርገው ያስፉት።

አሁን ዋናው መላ ይመጣል። ቪዲዮውን ቴሌግራም ውስጥ ወዳለው «Saved Messages» ፎርዋርድ ያድርጉት። ይህ ከእርስዎ በቀር ማንም የማያየው የራስዎ ቻት ነው። ቪዲዮውን እዚያ ከፍተው ያንሳፍፉት። ከዚያ የቪዲዮውን መልእክት ወደ ግራ ጎትተው መልስ መጻፊያውን ያውጡና ሰዓቱን አስቀድመው ማስታወሻዎን ይጻፉ። ልጅቷ እንዲህ ጻፈች፦

«12:40 ሞል ማለት ምንድን ነው»
«18:05 ግራምን ወደ ሞል መቀየር፣ ምሳሌ»
«27:30 ይህን አልገባኝም፣ ግሩፕ ላይ ልጠይቅ»

መልእክቱ ለቪዲዮው የተሰጠ መልስ ስለሆነ ቴሌግራም ሰዓቱን ወደ ሊንክ ይቀይረዋል። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ 18:05 የሚለውን ስትነካ ቪዲዮው ከዚያው ይጀምርላታል። መምህሩ የተናገሩትን ሁሉ መገልበጥ አያስፈልጋትም፤ ቦታውን የሚያስታውሳት አንድ ሐረግ ይበቃታል። ልብ ይበሉ፤ መልስ ሳያደርጉ እንዲሁ ከጻፉት ሰዓቱ ተራ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ሰዓቱ ሰማያዊ ሆኖ ካልታየዎት አንድ ጊዜ ነክተው ያረጋግጡ።

አይፎን የያዙ አንባቢዎች ስክሪን ለሁለት የመክፈል አማራጭ የላቸውም፤ ያ ያለው በአይፓድ ላይ ነው። ማንሳፈፉ ግን ከ2020 ጀምሮ ከአይኦኤስ 14 ጋር መጥቷል። በ«Settings» ውስጥ «General» ከዚያ «Picture in Picture» ገብተው «Start PiP Automatically» የሚለውን ያብሩ። ቪዲዮው እየሄደ ከአፑ ሲወጡ፣ አፑ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ራሱ ይንሳፈፋል። መስኮቱን ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ከገፉት ምስሉ ተደብቆ ድምፁ ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ የማይፈታው አንድ ነገር አለ፤ ድምፅ ለሁለት አይከፈልም። ከጓደኛ የመጣ የድምፅ መልእክት ሲከፈት ቪዲዮው ይቆማል። በጽሑፍ የመጣ ረጅም ወሬም ቢሆን ዓይንን ይወስዳል፤ ቪዲዮው ይሄዳል፣ ልጁ ግን አልሰማም። ይህን ከውጭ ሆነው ማወቅ ይችላሉ። ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ማስታወሻውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ከ12:40 በኋላ 31:00 ብቻ ካለ፣ በመሐል የነበሩት 18 ደቂቃዎች የት እንደሄዱ ግሩፑ ያውቃል።

የእህቴ ልጅ ለዚህ የራሷን ደንብ አወጣች። ቪዲዮው እየሄደ ወደ ግሩፑ የምትገባው «አልገባኝም» ብላ የጻፈችውን ለመጠየቅ ብቻ ነው፤ መልሱን የምታነበው ቪዲዮው ሲያልቅ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመሳሳይ የ40 ደቂቃ ትምህርት ከፍታ ሳያት፣ እናቷ ቡናውን አቦል ቀድታ ቶና ላይ ሳትደርስ ጨርሳ ስልኩን አስቀመጠች። «27:30ን ማንም አልመለሰልኝም፣ አክስቴ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። እኔም አላውቀውም ነበር፤ ግን ቁጥሩን ነካችና መምህሩን አብረን ደግመን ሰማናቸው።