«ኢቫፖሬሽን»ን የሚያውቅ ተማሪ «ሬት» ላይ ለምን ይቆማል?

ሐረር ውስጥ በአንድ የ9ኛ ክፍል ወንበር ላይ በሦስት ዓይነት ትምህርት ያለፉ ልጆች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዱ ሳይንስን በሐረሪ ጀምሮታል፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ፣ ሦስተኛዋ በአማርኛ። ከትምህርት በኋላ ጊደር መጋላ ሲወርዱ በአንዱ ቋንቋ ሰላም ብለው በሌላው ይከራከራሉ፤ በሦስተኛው ደግሞ ሒሳብ ይዘጋሉ። መጽሐፋቸው ግን ሦስቱንም አይናገርም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ትናንት በራሱ ቋንቋ ስለ ውኃ ዑደት በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ የነበረ ልጅ ዛሬ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም ይላል።

ብዙ መምህራን ይህን ዝምታ የሚያክሙት ከባድ የሚመስሉትን ቃላት ሰሌዳ ላይ በመደርደር ነው። ኢቫፖሬሽን፣ ኮንደንሴሽን፣ ዲፊውዥን ከነትርጓሜያቸው ይጻፋሉ፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ለፈተናም ይሸመድዳል። እነዚህ ቃላት ግን የሚያስፈሩትን ያህል አያስቸግሩም። መጽሐፉ ራሱ አድምቆ ይጽፋቸዋል፣ መምህሩ ቆሞ ያብራራቸዋል፣ ሥዕልም አላቸው። ልጁን የሚጥሉት በመካከላቸው ያሉት፣ ማንም የእኔ ሥራ ናቸው የማይላቸው ናቸው፤ ሬት፣ ዲፔንድ ኦን፣ ኢንክሪስ፣ ዌርአዝ፣ አንለስ። የሳይንስ መምህሩ እነዚህን የእንግሊዝኛ መምህሩ ያስተምራቸዋል ብሎ ያልፋቸዋል። የእንግሊዝኛ መምህሩም በዚያ ሳምንት የያዘው ምዕራፍ ስለ ጉዞ ወይም ስለ ጤና ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካስልስና ጆንስተን የተባሉ የግላስጎው ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው በሆነ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሳይንስ ፈተና ውስጥ ያሉ ሙያዊ ያልሆኑ ተራ ቃላት ብዙዎችን እንደሚያሳስቱ አሳይተዋል። የኬሚስትሪው ይዘት ሳይነካ የጥያቄው ቃል ሲቀልል ትክክል የሚመልሱት ቁጥር ከፍ ይላል። ለእነዚያ ልጆች እንዲህ ከሆነ፣ እስከ ትናንት እንግሊዝኛን በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ይሰማ ለነበረ የሐረር ልጅ ሸክሙ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

አንድ ክፍለ ጊዜ እንውሰድ። ርዕሱ ትነት ነው፤ ጊዜው 40 ደቂቃ። መምህርቷ ከዋዜማው መጽሐፉን ይዘው የሚነበበውን ገጽ ይመርጣሉ። ገጹ 300 ያህል ቃላት አሉት እንበል። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት፣ አንባቢ ያለ ረዳት አንድን ጽሑፍ በቅጡ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልገው ገምተዋል። ሙከራቸው የተካሄደው በልቦለድ ላይ ነበር፤ ለሳይንስ ገጽ መመዘኛው ይላላል ብሎ ማሰብ ግን ይከብዳል። በዚህ ስሌት ከ300 ቃላት አዲስ መሆን የሚችሉት 6 ናቸው። መምህርቷ ገጹ ላይ ተማሪው የማያውቃቸውን 25 ቃላት ካገኙ፣ 25 ቃላት ማስተማር መፍትሔ አይሆንም። ገጹን ማሳጠር፣ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በቀላል ቃል ደግሞ መጻፍ፣ ከዚያም የቀሩትን 6 በደንብ ማስተማር ይሻላል።

የመረጧቸው ስድስቱ ኢቫፖሬሽን፣ ሰርፌስ ኤሪያ፣ ሬት፣ ኢንክሪስ፣ ዲፔንድ ኦን እና ዌርአዝ ናቸው። የሳይንሱ ብቻ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ቀሪዎቹ ነገ በባዮሎጂ፣ ከነገ ወዲያ በጂኦግራፊ ይመለሳሉ፤ ስለዚህም ድካሙ ይበልጥ የሚያወጣው በእነሱ ላይ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ግን ከስድስቱ ቃላት አይደለም። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ቡና ነው፤ ቡና ሲሰጣ ያላየ ልጅ በዚህ አገር አይገኝም ማለት ይቻላል። መምህርቷ ይጠይቃሉ፦ ስጡ ሳስቶ ሲዘረጋ ቶሎ የሚደርቀው፣ ተቆልሎ ሲተው የሚሻግተው ለምንድን ነው? ደመና ሲሆንስ? ንፋስ ሲኖርስ? ልጆቹ በሚመቻቸው ቋንቋ በቡድን ተቀምጠው 5 ደቂቃ ይነጋገራሉ። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ይንጫጫል፤ አንዳንድ ርዕሰ መምህር በመስኮት ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል። ይሁን እንጂ ሐሳቡ የሚያዘው በዚያ ጫጫታ ውስጥ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ልጁ ይዞት የመጣው እውቀት በዘጠነኛ ክፍል በር ላይ እንዲጣል ማድረግ ትልቅ ብክነት ነው።

ሐሳቡ ከተያዘ በኋላ ቃሉ ይመጣል፤ መጀመሪያም በድምፅ ነው የሚመጣው። መምህርቷ ይሉታል፣ ተማሪው ይደግመዋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይጻፋል። ይህ ቅደም ተከተል ለሐረር ክፍል የተለየ ምክንያት አለው። በአማርኛና በሐረሪ የተማሩት ልጆች በግዕዝ ፊደል ስላነበቡ የላቲኑን ፊደል የሚያውቁት ከእንግሊዝኛ ትምህርት ነው። በአፋን ኦሮሞ የተማሩት ግን ቁቤን በደንብ ያነባሉ፤ በቁቤ ደግሞ ሲ የሚባለው ፊደል ጭ ነው፣ ኤክስ ጥ ነው፣ ፒና ኤች ሲጣመሩ ጵ ይሆናሉ። ቃሉን ሳይሰማ በጽሑፍ ያገኘው ልጅ በለመደው ድምፅ ያነበዋል። መምህሩ በኋላ «ሴል» ሲል፣ ልጁ ደብተሩ ላይ ያለው ያው ቃል መሆኑን ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ ማለት በደል ነው። ማንበብ የሚችል ልጅ ስለሆነ ነው የተሳሳተው።

ከስድስቱ አስቸጋሪው ሬት ነው። በአማርኛ «ፍጥነት» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ልጁ ግን በፊዚክስ ፍጥነትን ለመኪና ስለተማረው፣ ውኃው ወዴት እየሮጠ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ መምህርቷ ቃሉን በሥራ ያሳያሉ። ጠዋት 100 ሚሊ ሊትር ውኃ በሰፊ ሳሕን፣ ሌላ 100 ሚሊ ሊትር በብርጭቆ መስኮት ላይ ያስቀምጣሉ። ከ6 ሰዓት በኋላ የቀረውን በመርፌ መስጫ ስሪንጅ ይለካሉ። ለምሳሌ ከሳሕኑ 24፣ ከብርጭቆው 6 ሚሊ ሊትር ጎድሎ ቢገኝ፣ ሳሕኑ በሰዓት 4፣ ብርጭቆው በሰዓት 1 ሚሊ ሊትር አትንኗል ማለት ነው። ሬት ይህ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት። ልጁ በእጁ ካካፈለው በኋላ ትርጓሜውን ራሱ ያወጣዋል፣ በየትኛውም ቋንቋ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማያያዣ ነው። ቃል ብቻውን የያዘ ልጅ ዓረፍተ ነገር መሥራት አይችልምና፣ ሰሌዳው ላይ ጅምር ዓረፍተ ነገር ይቀመጥለታል፦ «ዘ ሬት ኦፍ ኢቫፖሬሽን ዲፔንድስ ኦን…» የሚል አንድ፣ «ዘ ሬት ኢንክሪስስ ዌን…» የሚል ሌላ። ከጎኑ ለመሙያ የሚሆኑት፣ ሰርፌስ ኤሪያና ቴምፕሬቸር፣ ይጻፋሉ። ተማሪው መጀመሪያ ለጓደኛው ይናገረዋል፣ ቀጥሎ ይጽፈዋል። በሁለተኛው ሳምንት መሙያዎቹ ይነሳሉ፤ በወሩ መጨረሻ ጅምሩም ይነሳል። ጅምሩን ሳያነሱ ዓመቱን ሙሉ ማቆየት ሌላ ሽምደዳ ይፈጥራል፤ ልጁ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚያውቅ ሆኖ ይቀራል።

ቃሉ መግባቱን እንዴት ማወቅ ይቻላል? «ገባችሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው «የስ፣ ቲቸር!» ምንም አይነግርም። ትርጓሜ ማስጻፍም ብዙ አይሻልም፤ ኢቫፖሬሽንን በመጽሐፉ ቃል አንድ ፊደል ሳይስት የሚጽፍ ልጅ፣ «እርጥብ ነጠላ ተጣጥፎና ተዘርግቶ ቢሰቀል የቱ ይቀድማል?» ሲባል ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ትርጓሜውን የማይጠራ፣ ቃሉን ግን የሚያስገድድ ይሁን። ልጁ በእንግሊዝኛ ካልመለሰ ደግሞ ያንኑ በራሱ ቋንቋ ይጠየቅ። በራሱ ቋንቋ ከመለሰ የጎደለው እንግሊዝኛው ነውና ወደ ጅምሩ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። በዚያም ካልመለሰ ሳይንሱ ራሱ አልገባውምና ወደ ሳሕኑና ብርጭቆው መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ሳይለዩ «እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው» ብሎ መደምደም ሁለቱንም ልጆች ይጎዳል።

በክፍሉ ውስጥ ሦስት ቋንቋ መኖሩ ደብተሩ ላይም መታየት አለበት። ገጹ አራት ዓምድ ይኖረዋል፦ ቃሉ፣ በልጁ ቋንቋ ፍቺው፣ ሥዕሉ፣ ልጁ ራሱ የሠራው ዓረፍተ ነገር። ሁለተኛውን ዓምድ የሚሞላው ልጁ ነው፤ መምህርቷ ሐረሪ ወይም አፋን ኦሮሞ ባይችሉ እንኳ፣ ሁለት ልጆች ተማክረው የጻፉትን ሦስተኛው እንዲያነበው በማድረግ ማረም ይችላሉ። በዚህ ረገድ ልጆቹ እኩል አይደሉም። አማርኛ ተናጋሪው እንደ አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያለ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አለው። ሐረሪን በተመለከተ ከሚታወቁት ሥራዎች አንዱ፣ የዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. የ1963ቱ መዝገበ ቃላት፣ የተጻፈው ለቋንቋ አጥኚ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሬትን ሊፈልግበት አይችልም። ለብዙዎች ፍቺው በአማርኛ በኩል ዞሮ ሲመጣ በመንገድ ላይ የሚጠፋ ነገር አለ።

ስድስቱ ቃላት አንድ ቀን ተምረው የሚያዙ አይደሉም። በማግስቱ በ3 ደቂቃ የቃል ጥያቄ፣ በሳምንቱ በሌላ ርዕስ ውስጥ፣ በወሩ በፈተና መመለስ አለባቸው። ይህ ለአንድ መምህር ብቻውን የሚከብድ ነው፤ ክፍሉ ከ50 ተማሪ በላይ ሲሆን ደግሞ ደብተር አርሞ መጨረስም አይቻልም። ሸክሙ የሚቀለው ኢንክሪስና ዲፔንድ ኦን የኬሚስትሪው ብቻ መሆናቸው ሲቀር ነው።

ስለዚህ ለ9ኛ ክፍል መምህራን የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ዓርብ ከሰዓት የኬሚስትሪው፣ የባዮሎጂው፣ የጂኦግራፊውና የእንግሊዝኛው መምህር ለ20 ደቂቃ አብረው ይቀመጡ፤ የሚመጣውን ሳምንት ገጾች ይግለጡ፤ በሁሉም ውስጥ የሚገኙትን ስድስት ቃላት ይምረጡ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ሰኞ በእነሱ ይጀምር፤ ሌሎቹም እስከ ዓርብ ድረስ እየመላለሱ ይጠቀሙባቸው።