«ገላ ያሳያል?»

አንዲት ነጋዴ የሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራም ትሸጣለች እንበል። ፋሲካ ሲቃረብ ለቲክቶክ አጭር ማስታወቂያ መሥራት ፈለገች። መጀመሪያ የሚመጣላት ሐሳብ ቆንጆ ልጅ አልብሶ፣ ዘፈን ለቅቆ፣ ዞር ዞር ማስባል ነው። ቪዲዮው ያምራል፤ ግን የጎረቤቷም ሱቅ ያንኑ ሠርቷል። ገዢዋን እጇን የያዛት ጥርጣሬ በዚህ ቪዲዮ ውስጥ የለም። ያለው በየቀኑ በውስጥ መስመር በሚላክላት ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሥራው በመገልበጥ ይጀምራል። ያለፉትን ሦስት ወራት መልእክቶችና ከገዙ በኋላ የተጻፉ አስተያየቶችን አንድ ሠንጠረዥ ላይ ታሰፍራለች፦ የትኛው ቀሚስ፣ ከመግዛቷ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ቃል በቃል ምን አለች። ቃል በቃል መሆኑ ዋና ነገር ነው። «የጨርቁ ጥራት» ብላ ካሳጠረችው፣ ደንበኛዋ «ፀሐይ ላይ ስወጣ ያሳጣኛል እንዴ?» ያለችበት ሕይወት ይጠፋል፤ የቪዲዮው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ እሱ ነበር።

ከዚያ መደብ ማውጣት ይቀጥላል። «ገበር አለው?»፣ «ስስ ነው?»፣ «ከውስጥ ምን ይለበሳል?»፣ «ገላ ያሳያል?» በቃል አራት ቢሆኑም ሥጋታቸው አንድ ነው። ስለዚህ ቃል ፈልጎ መቁጠር ብቻውን ያሳስታል፤ እያነበቡ መደብ መስጠት ይሻላል። የሚቆጠረውም ሰው እንጂ መልእክት አይደለም፤ አንዲት ደንበኛ አምስት ጊዜ ብትጠይቅ አንድ ናት።

ለምሳሌ ከ120 ጠያቂዎች 41ዱ ዋጋ፣ 23ቱ ገላ ማሳየቱን፣ 17ቱ ሲታጠብ የጥበቡ ቀለም ይለቅ እንደሆነ፣ 14ቱ ለበዓሉ መድረሱን ጠየቁ እንበል። ብዙ ሰው የጠየቀው ዋጋ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ቪዲዮ አያስፈልግም፤ «ዋጋ በውስጥ» ማለትን ትቶ ፎቶው ሥር መጻፍ ይበቃል። ለቪዲዮ የሚመረጠው መልሱ በዓይን የሚታይ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ይበልጣል።

ቪዲዮው እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ርዝመቱ 20 ሰከንድ፣ ስልኩ እንደቆመ የተቀረጸ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ነጋዴዋ ቀሚሱን መስኮት ላይ ዘርግታ እጇን ከኋላው ታስገባለች፤ ጽሑፉ «ፀሐይ ላይ ያሳጣኛል እንዴ?» ይላል። ድምፅ አጥፍቶ የሚያይ ሰው ስላለ ጽሑፉ የግድ ነው። ቀጥሎ ገበር የሌለው መነን ይታያል፤ የጣቶቿ ጥላ ይለያል። ከዚያ ገበር ያለው ይመጣል፤ ጣቶቹ ይጠፋሉ። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ዋጋ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ገበር የሌለውን ማሳየቷ ሽያጭ አይቀንስባትም፤ ይልቁንም ሌላውን ቃሏን ያሳምናል።

ከግዢ በኋላ የተጻፈ አስተያየት ሌላ ጥቅም አለው። «በጣም ቆንጆ ነው፣ እናመሰግናለን» ደስ ያሰኛል እንጂ ሐሳብ አይወጣውም። «ወድጄዋለሁ፣ ግን እጅጌው ጠበበኝ» የሚለው ግን የክንድን ልክ በሜትር የሚያሳይ ቪዲዮ ይሆናል። መለየት ያለበት ቅሬታው የመረጃ ጉድለት ነው ወይስ የዕቃው የሚለው ነው። ብዙዎች «አንዴ ባጥበው ጥበቡ ለቀቀ» ካሉ መፍትሔው ካሜራ ሳይሆን ክር አቅራቢውን መለወጥ ነው። ዕቃው ሳይስተካከል የተሠራ ቪዲዮ የሚያበዛው መላሽ ብቻ ነው።

የሰው ቃል ሲወሰድ ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ጥያቄን ያለ ስም መጠቀም ይቻላል፤ የደንበኛን ስም፣ ፎቶ ወይም የመልእክቷን ምስል ለማሳየት ግን ፈቃዷ ይጠየቃል። የሦስት ሰው ቃል ሰፍቶ የአንድ ሰው ምስክርነት ማስመሰልም ውሸት ነው። ለአሜሪካ ደንበኞች የምትሸጥ ከሆነ ጉዳዩ ሕግም አለበት፦ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ሐሰተኛ የደንበኛ አስተያየትና ምስክርነትን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል።

ቪዲዮው መሥራቱ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ቲክቶክ ራሱ የሚያሳየው፣ ተመልካች ስንተኛው ሰከንድ ላይ እንደሚወጣ ነው። ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ከወጣ ችግሩ መክፈቻው ነው፤ ሌላውን ሳትነካ መክፈቻውን በ«ገበር አለው?» ቀይራ ታወዳድራለች። ሁለተኛው የራሷ ሠንጠረዥ ነው። ቪዲዮውን አይተው የመጡ ሰዎች ስለ ገላ ማሳየት መጠየቅ ትተው «ገበር ያለው ሚዲየም አለ?» ካሉ ጥርጣሬው ተፈቷል። ያው ጥያቄ ከቀጠለ ግን ማሳያው አላሳመነም ማለት ነው።

ሠንጠረዡ የማይነግራትም አለ፤ እዚያ ያሉት አፍ አውጥተው የጠየቁት ብቻ ናቸው። ፎቶውን አይታ ዝም ብላ የሄደችው አልተመዘገበችም። እሷን ለማግኘት ቀሚሱን ለጎረቤት አሳይቶ «ምን ያሠጋሻል?» ማለት ይቻላል፤ መልሱም እንደሌላው ቃል በቃል ሠንጠረዡ ላይ ይገባል።