ጠባዩ እየዋለ እያደረ ለሚለወጥ ማሽን ጽኑ ቁጥጥር ወይስ ራሱን የሚያስማማ ቁጥጥር?

ከባሕር ዳር ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጣና ሐይቅ የወጣው የዓባይ ውሃ ወደ ገደሉ ከሚወረወርበት ከጢስ ዓባይ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ኃይሉ 11.4 ሜጋዋት ሲሆን፣ ለከተማውና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መብራትና ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ጣቢያ ብቻውን አንድ ከተማ ሲመግብ የሚገጥመው ችግር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል። ፋብሪካው ጧት ሞተሮቹን ሲያስነሣ ተርባይኑ ጭነት ስለሚበዛበት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከዚህም የተነሣ የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ ከ50 ኸርዝ ይወርዳል። የፍጥነት ተቆጣጣሪው ማለትም ገቨርነሩ ወዲያው የውሃውን በር ከፍቶ ፍጥነቱን መመለስ አለበት። በሩን ቢያዘገይ መብራቱ ይደበዝዛል፤ አለመጠን ቢያፈጥን ደግሞ ፍጥነቱ እየወጣና እየወረደ ይዋዥቃል።

የመዋዠቁ ምክንያት የውሃው ክብደት ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በሩ በተከፈተ ቅጽበት ፍጥነቱን መጨመር አይችልም። ስለዚህ በሩ ሲከፈት በበሩ ላይ ያለው ግፊት ለጥቂት ጊዜ ይወድቃል፤ ኃይሉም ከመጨመሩ በፊት መጀመሪያ ይቀንሳል። ገቨርነሩ ኃይል ሲጠይቅ በመጀመሪያው ቅጽበት የሚያገኘው የጠየቀውን ተቃራኒ ነው ማለት ነው። ይህ ሁኔታ የሚቆይበት ጊዜ የሚለካው Tw በሚባለው ቁጥር ነው።

Tw = L·v / (g·H)

በዚህ ቀመር L የቧንቧው ርዝመት፣ v የውሃው ፍጥነት፣ H የውሃው ከፍታ፣ g የመሬት ስበት ነው። ለስሌት እንዲመቸን 100 ሜትር ቧንቧና 45 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ጣቢያ እናስብ፤ እነዚህ ቁጥሮች የእኛ ምሳሌ ናቸው እንጂ የጢስ ዓባይ ጣቢያ ልኮች አይደሉም። በሙሉ ጭነት ውሃው በሰኮንድ 4.5 ሜትር ቢሄድ Tw 1 ሰኮንድ ያህል ይሆናል። ሌሊት ፋብሪካው ቆሞ የውሃው ፍጥነት ወደ 1.5 ሜትር ሲወርድ Tw 0.34 ሰኮንድ ብቻ ነው። እንግዲህ የማሽኑ ጠባይ በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት እጥፍ ይለወጣል። በአንጻሩ የውሃው ከፍታ ከክረምት እስከ በጋ በአንድ ሜትር ቢለዋወጥ Tw የሚለወጠው ከመቶ በሁለት ያህል ብቻ ነው። ለዓይን ጎልቶ የሚታየው የውሃው መውረድ ለተቆጣጣሪው ቀላል ሲሆን፣ ከባዱ ከጭነቱ ጋር የሚመጣው ለውጥ ነው።

ገቨርነሩ የሚስተካከለው በሁለት ቁጥሮች ነው። አንደኛው b ሲሆን፣ b ባነሰ መጠን በሩ ለትንሽ የፍጥነት ስሕተት በብርቱ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው Tr ሲሆን፣ የተረፈው ስሕተት ቀስ በቀስ የሚደመሰስበት ጊዜ ነው። ተሽከርካሪው ክፍል በሙሉ ኃይል ከቆመበት ተነሥቶ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪያገኝ የሚወስደውን ጊዜ Tm ብንለው፣ የበሩን አንቀሳቃሽ ትንሽ መዘግየት ትተን ስናሰላ፣ ፍጥነቱ ሳይዋዥቅ የሚረጋው b·Tm እና Tr ሁለቱም ከTw ሲበልጡና ይህ ሲሟላ ነው፦

(b·Tm − Tw)·(Tr − Tw) > 0.5·b·Tm·Tw

አሁን Tm 8 ሰኮንድ ነው እንበል። አንድ መሐንዲስ ሌሊት፣ ጭነቱ ቀላል ሳለ፣ b ን 0.1፣ Tr ን 1.8 ሰኮንድ አድርጎ ቢያስተካክል ማሽኑ በሚገባ ይረጋል። ጧት ጭነቱ ሲሞላ ግን b·Tm 0.8 ሆኖ ሳለ Tw 1 ስለሚሆን ፍጥነቱ እየባሰ በሚሄድ መዋዠቅ ይናወጣል። ሌሊት የተገኘው መልካም ውጤት ጧት ጥፋት ሆነ ማለት ነው።

ጽኑ ቁጥጥር የሚባለው ዘዴ ይህን የሚያስወግደው ከሁሉ የከፋውን ሁኔታ አስቀድሞ በማሰብ ነው። b ን 0.3፣ Tr ን 5 ሰኮንድ እናድርግና አንንካቸው። በዚህ ማስተካከያ Tw እስከ 1.75 ሰኮንድ ቢያድግ ማሽኑ እንደ ረጋ ይቆያል። ደግሞም የፋብሪካው ሞተሮች ሲሽከረከሩ ለTm የሚጨምሩት ድርሻ አለ፤ ሲቆሙም ይጠፋል። Tw 1 ሳለ Tm ከ8 ወደ 4 ሰኮንድ ቢወርድ እንኳ ሚዛኑ አይፈርስም። ዋጋው ግን አለ። ጭነት ሲጨመር የሚጠራቀመው የፍጥነት ስሕተት በb·Tr ልክ ስለሆነ፣ ጽኑው ማስተካከያ (1.5) ከሌሊቱ ማስተካከያ (0.18) ጋር ሲነጻጸር ስምንት እጥፍ ያህል ስሕተት ያስከትላል። ደኅንነቱ የተገዛው በዝግታ ነው።

ራሱን የሚያስማማ ቁጥጥር ይህን ዋጋ ላለመክፈል ይሞክራል። የበሩን እንቅስቃሴና የፍጥነቱን መልስ እያስተያየ Tw ን ራሱ ይገምታል፤ ከዚያም b እና Tr ን በግምቱ ልክ ይለውጣል። ሐሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ግምት የሚገኘው ከእንቅስቃሴ ነው። ሌሊት ጭነቱ ጸጥ ሲል በሩ አይንቀሳቀስም፤ መለኪያው የሚያሳየው የመሣሪያዎቹን ጥቃቅን ሁከት ብቻ ይሆናል። ገማቹ ግን ሥራውን ስለማያቆም፣ ከዚያ ሁከት የተሳሳተ Tw ሊያወጣ ይችላል። ጧት ፋብሪካው ሲነሣ ማሽኑ የሚገዛው በዚህ ሐሰተኛ ቁጥር ነው። መዋዠቁ ከጀመረ በኋላ ገማቹ ከመዋዠቁ ራሱ ተምሮ ይታረማል፤ ከዚያም ጸጥታው ሲመለስ እንደገና መሳት ይጀምራል። ስለዚህ ለብዙ ሰዓት ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚናወጥና ወዲያው የሚረጋ ማሽን ስናይ ገማቹን መጠርጠር ይገባናል።

በዚህ መንገድ የሚመጣ አደጋ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። X-15 የተባለው የአሜሪካ የምርምር አውሮፕላን ራሱን የሚያስማማ ተቆጣጣሪ ነበረው። ኅዳር 15 ቀን 1967 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አውሮፕላኑ ከመሽከርከር ተላቆ ወደ ምድር ሲወርድ፣ ተቆጣጣሪው ውስጥ በተነሣ የማያቋርጥ መዋዠቅ ምክንያት የምላሹ ብርታት መቀነስ ሲገባው ሳይቀንስ ቀረ። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ተሰባበረ፤ አብራሪው ማይክል አዳምስም ሞተ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? እኛ እንደሚመስለን ለውጡን ሁሉ አንድ አድርጎ ከመመልከት ይልቅ በየምክንያቱ መለየት ያስፈልጋል። ከጭነት ጋር የሚመጣውን ትልቁን ለውጥ መገመት አያስፈልግም፤ የበሩ አከፋፈት በቀጥታ ስለሚለካ፣ ለእያንዳንዱ አከፋፈት ተስማሚውን b እና Tr አስቀድሞ በሠንጠረዥ ጽፎ መስጠት ይቻላል። የከፍታውና የTm ለውጥ ጠባብ ስለሆነ፣ በሠንጠረዡ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ በጽኑ ቁጥጥር ሥርዓት ሰፊ ኅዳግ ይኑራቸው። ከዓመት ወደ ዓመት የሚመጣው የመሣሪያ መልፋት ደግሞ፣ መሐንዲሱ ቆሞ በሩን ሆነ ብሎ እያንቀሳቀሰ በሚያደርገው ፈተና ይለካ፤ ሠንጠረዡም በዚያ ይታረም። ራስን የማስማማት ሐሳብ በዚህ ላይ አልተጣለም፤ ሰው ባለበትና በቂ እንቅስቃሴ ባለበት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ እንጂ።

አንድ ነገር ብቻ ከሁለቱም ዘዴዎች ኃይል ውጭ ነው። ክረምት የሚያወርደው ደለል ከበሩ ማጠፊያዎች ገብቶ ሲበላቸውና በመካከላቸው ክፍተት ሲፈጠር፣ ፍጥነቱ በማያድግና በማይጠፋ ትንሽ መዋዠቅ ይመላለሳል። b ን ብንለውጥ የመዋዠቁ ስፋትና ጊዜ ይለወጥ ይሆናል፤ መዋዠቁ ግን አይጠፋም። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው አዲስ ቀመር ሳይሆን ያለቀውን ማጠፊያ መለወጥ ነው።